አዲስ መምህርን ከሥራው ዳር ማስጀመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀማሪ መምህራን፣ አማካሪ መምህራንና በየሥራ ቦታው አዲስ ሰው የሚያለማምዱ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ።

በሥራ መሃል መማር ሲባል ምን ማለት ነው? ስልጠና ከመውሰድ በምን ይለያል?

በተለመደው አስተሳሰብ ሰው መጀመሪያ ይማራል፣ ከዚያ የተማረውን ይዞ ወደ ሥራ ይገባል። እውቀቱ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ፣ የትም ቦታ ተወስዶ የሚወጣ ነገር ተደርጎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎቹ ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር ይህን አስተሳሰብ ገለበጡት። አዋላጆችን፣ ልብስ ሰፊዎችን፣ የባሕር ኃይል መርከብ መሪዎችን፣ ሥጋ ቆራጮችንና መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ማንም ቆሞ ሳያስተምራቸው እነዚህ ሰዎች እንዴት ተማሩ?

መልሳቸው አጭር ነው። ጀማሪው ሥራውን ከሚሠሩ ሰዎች ጋር በእውነተኛው ሥራ ላይ ድርሻ ስለተሰጠው ነው የተማረው። ድርሻው መጀመሪያ ትንሽ ነው፣ ቀስ በቀስ ያድጋል። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ምን ያህል እንደሚማር ለማወቅ ከፈለግን አስተማሪው ምን አለ ብለን ብቻ አንጠይቅም። ጀማሪው የት ቆመ? ምን አየ? ምን ተሰጠው? ከማን ጋር አወራ? ዋናው እሱ ነው።

የሙያ ማኅበረሰብ ማለት የሠራተኞች ማኅበር ወይም ኮሚቴ ነው?

አይደለም። አንድ ሥራ አብረው እየሠሩ የሚማማሩ ሰዎች ናቸው። ዌንገር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሦስት ምልክቶች አስቀምጦለታል። ሰዎቹ ሥራ ላይ በትክክል ይገናኛሉ። የሚጨነቁለት የጋራ ጉዳይ አላቸው። እንዲሁም አብረው ሲሠሩ ያፈሯቸው መሣሪያዎች፣ አባባሎች፣ ታሪኮችና አቋራጮች አሏቸው። ሦስቱ ካሉ ስምና ማህተም ባይኖረውም የሙያ ማኅበረሰብ አለ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ርዕሰ መምህራንን ያስከፋል፦ በደብዳቤ ማቋቋም አይቻልም። በየሳምንቱ አርብ የሚሰበሰብ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ የሚበተን ቡድን የጋራ ሥራ ከሌለው ስብሰባ ብቻ ነው። በአንጻሩ አንድ ፈተና አብረው የሚያዘጋጁና አብረው የሚያርሙ ሦስት መምህራን፣ ማንም ሳያቋቁማቸው ማኅበረሰብ ናቸው።

ጀማሪ ለምን ከዳር ይጀምራል? ለምን በቀጥታ ዋናውን ሥራ አይማርም?

የሌቭ የራሷ ጥናት እዚህ ላይ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በላይቤሪያ የቫይና የጎላ ብሔረሰብ ልብስ ሰፊዎችን አጥንታለች። እዚያ ልብስ የሚሠራው ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ቁልፍ ተተክሎና ጠርዙ ተጠልፎ ነው። ለማጅ የሚማረው ግን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ማጠናቀቂያውን ይሠራል፦ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይጠልፋል፣ ይተኩሳል። ቀጥሎ መስፋት ይማራል። ጨርቅ መቁረጥ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ቁልፍ የሚተክል ልጅ ያለቀለት ልብስ በእጁ ይዟል፤ ሙሉው ነገር ምን እንደሚመስል ያያል። መስፋት ሲጀምር ቁራጮቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ይረዳል። ይህን ካወቀ በኋላ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደሚቆረጡ ይገባዋል። የስህተቱ ዋጋም አብሮ ያድጋል። የተበላሸ ቁልፍ ይፈታል፣ የተበላሸ ስፌት ይተረተራል፣ በስህተት የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም።

እንግዲህ ዳር ማለት ይህ ነው። ሥራው እውነተኛ ነው፣ ልብሱ ይሸጣል። ነገር ግን ስህተቱ የሚታረም ነው፣ ሙሉውም ሥራ ከዚያ ሆኖ ይታያል።

ጀማሪን ትንንሽ ሥራ መስጠትና ተላላኪ ማድረግ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልዩነቱ እይታው ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ስለሚለማመዱ ሥጋ ቆራጮች ነው። ለማጆቹ የሚውሉት ሥጋ በሚያሽግ ማሽን ላይ ነበር። ልምድ ያላቸው ቆራጮች ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ለማጁ ማሸጉን ይለምዳል፣ በሥራውም ይጠቅማል፣ ግን አቆራረጡን አያይም። አጠገቡ ሆኖ የሚጠይቀው ሰው የለውም። የሙያ ትምህርት ቤቱም ብዙም አልጠቀመውም፤ ሱፐርማርኬቱ የማይሠራባቸውን አቆራረጦች ያስተምረው ነበርና።

ቁልፍ ተካዩና አሻጊው ሁለቱም ትንሽ ሥራ ይዘዋል። አንደኛው ወደ መሃል የሚወስድ መንገድ ላይ ነው፣ ሌላኛው መንገዱ ተዘግቶበታል። አንድ ጀማሪ የትኛው ላይ እንዳለ ለመለየት ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ከተቀመጠበት ሆኖ ባለሙያው ሲሠራ ያያል? በሚቀጥለው ወር የሚሰጠው ሥራ ከዛሬው ይለያል? ሁለቱም መልስ "የለም" ከሆነ ልጁ ጉልበት እያዋጣ ነው እንጂ እየተማረ አይደለም።

ወሬ ጊዜ ማባከን አይደለም?

ስለ ሥራው ከሆነ አይደለም። የአንትሮፖሎጂ ባለሙያው ጁሊያን ኦር የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞችን ተከታትሎ አጥንቷል። ድርጅቱ ዝርዝር የጥገና መመሪያ ሰጥቷቸዋል። ሆኖም ማሽኑ መመሪያው ባላሰበው መንገድ ሲበላሽ ያዳናቸው ቁርስና ምሳ ላይ የሚተርኩት ታሪክ ነበር። እንዲህ ያለ ብልሽት ገጠመኝ፣ ይህን ጠረጠርኩ፣ አልሆነም፣ ከዚያ እንዲህ ሆነ። ጀማሪው በታሪኩ ውስጥ መፍትሔውን ብቻ ሳይሆን አዋቂ ሰው እንዴት እንደሚጠረጥር ይሰማል።

የመምህራን ማረፊያ ክፍልም እንደዚያው ነው። ልዩነት የሚያመጣው የወሬው ዓይነት ነው። "የዘንድሮ ልጆች አይረቡም" የሚል ወሬ ጀማሪን ምንም አያስተምርም፤ ተስፋ መቁረጥን ካልሆነ። "ትናንት ይህን ምሳሌ ስሰጥ ግማሹ ክፍል ተሳሳተ፣ ለምን መሰላችሁ?" የሚል ወሬ ግን ትምህርት ነው።

የአዲስ መምህር ሁኔታ ከሌላው ሙያ ለማጅ በምን ይለያል?

እኔ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል የምለው ጥያቄ ይህ ነው። መምህርነት ተፈጥሯዊ ዳር የለውም። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ሳይቆርጥ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አዲስ መምህር ግን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ክፍል፣ ሙሉ ፕሮግራም፣ ሙሉ ኃላፊነት ይረከባል። የ20 ዓመት ልምድ ካለው ሰው ጋር እኩል ክፍለ ጊዜ ይይዛል። አንዳንዴም ነባሮቹ የሸሹትን ክፍል ይሰጡታል። በሩን ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም፣ እሱም ማንንም አያይም።

ሁለተኛው ችግር ስውር ነው። የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስላው አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ ወደ 13,000 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ መምህራንን ሲመለከት ያሳልፋል። ስለዚህ ሁሉም ጀማሪ ማስተማርን የሚያውቀው ይመስለዋል። ያየው ግን ከተማሪ ወንበር ነው። መምህሩ ማታ ምን እንዳሰበ፣ ያንን ጥያቄ ለምን እንደመረጠ፣ የትኛውን ምሳሌ እንደጣለ አላየም። ሲጨንቀው የሚመለሰው ወደዚያ ትዝታ ነው፤ ሰሌዳ ሞልቶ ወደማስገልበጥ፣ ድምፅ ወደማንሳት።

ስለዚህ በመምህርነት ዳር በራሱ አይገኝም፣ ሆን ተብሎ መሠራት አለበት። አማካሪ መመደብ ብቻውን ይህን አይሠራም።

ታዲያ ዳሩ እንዴት ይሠራል? አንድ ምሳሌ ብታሳዩን?

አንዲት አዲስ የ6ኛ ክፍል ሂሳብ መምህርት እናስብ። አማካሪዋ ያንኑ ክፍል በሌላ ሴክሽን ያስተምራል። ሙሉ ጭነት ይዛለች፣ ያንን መቀነስ አልተቻለም። ርዕሰ መምህሩ የሚችለው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ አብረው ባዶ ክፍለ ጊዜ እንዲኖራቸው ፕሮግራሙን ማስተካከል። ይህ ካልተደረገ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። በቀሩት ክፍለ ጊዜያት የአማካሪዋን ያለፈ ዓመት እቅድና ፈተና እንዳለ ትጠቀማለች። ሁሉን ከባዶ እንድትፈጥር አይጠበቅባትም።

የሚጀምሩት እንደ ልብስ ሰፊው ከመጨረሻው፣ ማለትም ከእርማት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሁለቱንም ክፍል ደብተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያርማሉ። ግን ልክና ስህተት ብለው አይለዩም፤ ልጁ በሄደበት መንገድ ይከምሯቸዋል። 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው የጻፉ ልጆች አንድ ክምር ይሆናሉ። እሷ "አልገባቸውም" ትላለች። እሱ "ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረዋል። ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር አያዩትም፣ እንደ ሁለት ቁጥር ነው የሚያዩት" ይላታል። ቀጥሎም "ነገ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፦ 2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግማሽ ላይ ሌላ ጨምረው እንዴት ከግማሽ ያነሰ ነገር እንዳገኙ ራሳቸው ይደንቃቸዋል" ይላል። በዚህ ሰዓት እሷ ያለቀለትን ልብስ ነው የያዘችው። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ ጋ ምን እንደሚቀር እያየች ነው።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት እሱ ክፍል ገብታ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ትይዛለች። የመዝጊያውን ጥያቄ ራሷ ትመርጣለች፣ ራሷ ትመራለች። ቢበላሽ የጠፋው አሥር ደቂቃ ነው፣ በማግስቱ ይስተካከላል። ከዚያ በፊት ያሉትን ሠላሳ ደቂቃዎች ደግሞ ለምን እያየች እንደሆነ አውቃ ታያለች። የምትረከበው ትምህርት በየት በኩል እንደመጣ ማወቅ አለባት። ዝም ብሎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመታዘብ ይህ እጅግ ይሻላል።

ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ። እሱ ጠዋት በራሱ ክፍል ያስተምረዋል፣ እሷ ትመለከታለች። እሷ ከሰዓት ያንኑ በራሷ ክፍል ታስተምራለች፣ እሱ ይመለከታል። የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ቦታ የማይሞከር ነው፦ እሷ ብቻዋን ታቅዳለች፣ በእሷ እቅድ እሱ ያስተምራል። እቅዱ የት ላይ እንደሳሳ በሌላ ሰው እጅ ሲታይ ወዲያው ይገለጣል፤ ውርደቱም የለም፣ ሰሌዳው ጋ የቆመችው እሷ አይደለችምና። ጥሩ ሐሳብ ካለው ደግሞ እሱ ይወስደዋል። ያኔ ከዳር ወደ መሃል መግባት ጀምራለች።

አማካሪው ክፍል ካየ በኋላ ምን ይበል?

"ጥሩ ነበር፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ" ዓይነቱ አስተያየት አይጠቅምም። ሦስት ጥንካሬ፣ ሦስት ድክመት እያሉ መዘርዘርም እንዲሁ። የሚሻለው ከአንድ ቅጽበት መነሳት ነው። "ልጁ ሲሳሳት ወደ ሌላ ልጅ አለፍሽ። ያን ጊዜ ምን አስበሽ ነው?" መልሷ "ሰዓት እያለቀ ስለነበር" ሊሆን ይችላል። አሁን የሚወያዩበት እውነተኛ ጉዳይ አገኙ፦ በሰዓትና በስህተት መሃል እንዴት ይመረጣል?

ከዚህም በፊት የአማካሪው ክፍል ይቅደም ባይ ነኝ። እሱ በራሱ ትምህርት ላይ ጮክ ብሎ ቢያስብ፣ "እዚህ ጋ ልቀጥል ወይስ ልመለስ አመነታሁ፣ ይህን አይቼ ተመለስኩ" ቢላት፣ ከተማሪ ወንበር ላይ ያላየችውን የጓዳውን ሥራ አሳያት ማለት ነው። የራሱን ማመንታት የማያሳይ አማካሪ፣ የሚያሳያት የምታመነታው እሷ ብቻ እንደሆነች ነው።

አማካሪው ገምጋሚም መሆን ይችላል?

ቢለያዩ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድሩ ሆብሰንና አንጊ ማልዴሬዝ ባሳተሙት ጥናት አማካሪዎች ጀማሪውን ለመፍረድ ሲቸኩሉ ምን እንደሚሆን አሳይተዋል። ጀማሪው ችግሩን መናገር ያቆማል። የሚታይበት ቀን የተለየ ትምህርት ያዘጋጅ፣ ልጆቹንም አስቀድሞ ያስጠነቅቅ ይሆናል። አማካሪው የሚያየው ትርኢት ይሆናል።

ሰው በማነሱ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው መያዝ ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ ግምገማው የሚካሄድበት ቀን አስቀድሞ ይታወቅ፣ በሌላ ጊዜ የታየ ነገር ፋይል ውስጥ እንደማይገባ በግልጽ ይነገር። ቃል ከተገባ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጣስ እምነቱ አይመለስም።

ነባሮቹ መምህራን ራሳቸው መጥፎ ልማድ ካላቸውስ?

ይህ የዚህ አስተሳሰብ ትልቁ ድክመት ነው፣ መደበቅም የለበትም። ማኅበረሰብ ያለውን ነው የሚያወርሰው። ልጆችን ማዋረድ የተለመደበት ትምህርት ቤት፣ ጀማሪው በደንብ "ከተዋሃደ" ማዋረድን ይማራል። ደግሞም ነባሩና አዲሱ ሰው ጥቅማቸው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አዲሱ ሲያድግ ነባሩ ቦታውን የሚያጣ ሊመስለው ይችላል፤ ያኔ የሚያውቀውን ይሰውራል።

መፍትሔው ጀማሪው ከአንድ በላይ ማኅበረሰብ ውስጥ እግር እንዲኖረው ማድረግ ነው። አሊሰን ፉለርና ሎርና አንዊን እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ ለማጆችን ሲያጠኑ ይህን ልዩነት አግኝተዋል። አንዳንዱ ድርጅት ለማጁን ወደ ተለያዩ ክፍሎች ይልካል፣ ከሥራ ውጪ የሚማርበት ጊዜ ይሰጣል። ሌላው አንድ ቦታ ላይ ይተክለውና ቶሎ ምርት ይጠብቃል። በኋለኛው ያለ ለማጅ ያንን አንድ ሥራ ይለምዳል፣ ከዚያ አያልፍም። ለመምህርም ያው ነው። በሌላ ትምህርት ቤት ያለ ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር ጓደኛ፣ ወይም ከኮሌጅ አብረውት የወጡ ጀማሪዎች ቡድን "እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም" የሚለው ሰው ይሰጠዋል። ይህን ሳይሰማ ግን ያየው ሁሉ የሙያው ሕግ ይመስለዋል።

ታዲያ የኮሌጁ ትምህርት ከንቱ ነው?

እንደዚያ ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ጆን አንደርሰን፣ ሊን ሬደርና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በዚህ አስተሳሰብ ላይ ጠንካራ ትችት ጽፈዋል። እውቀት ሁሉ ከተማርንበት ቦታ ጋር የታሰረ አይደለም ይላሉ። ማንበብ የትም ተምረን የትም እናነባለን። ረቂቅ ሐሳብ ከተጨባጭ ምሳሌ ጋር ሲቀርብ ደግሞ ወደ ሌላ ሁኔታ ይሻገራል። ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ይበልጥ የጊዜ ጉዳይ ነው። ልጆች ክፍልፋይን ለምን በዚያ መንገድ እንደሚሳሳቱ የሚያብራራ ጽሑፍ ደብተር ሳታርም ያነበበች ተማሪ ለፈተና ትሸመድደዋለች። ያንን የ2/5 ክምር በእጇ ከያዘች በኋላ ብታነበው ግን ለነገው ክፍል ትፈልገዋለች። ስለዚህ ንባቡ አይቅር፣ ከእርማቱ ቀጥሎ ይምጣ።

እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

"አማካሪዬ ይደግፈኛል" የሚል መጠይቅ ብዙ አይነግርም። ሰው ጥሩ ሰላምታ ለሚሰጠው አማካሪም "በጣም እስማማለሁ" ላይ ምልክት ያደርጋል። የተሻለው ጀማሪዋ የምትጠይቀውን ጥያቄ ማዳመጥ ነው። መጀመሪያ "ምን ላድርግ?" ትላለች። ቆይታ "ይህን ባደርግ ምን ይሆናል?" ትላለች። ቦታዋን ስትይዝ ደግሞ "እኛ ይህን ምዕራፍ ለምን በዚህ ቅደም ተከተል እናስተምራለን?" ማለት ትጀምራለች።

ሌላው ምልክት የሚታየው ነባሮቹ ላይ ነው። የእሷን የመልመጃ ወረቀት የሚዋስ ሰው አለ? ያልተሳካ ትምህርቷን በማረፊያ ክፍል ስትተርክ ሌላው የራሱን ጨምሮ ይመልስላታል ወይስ ምክር አሸክሞ ይሸኛታል? አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከእሷ ማንም ምንም ካልወሰደ፣ አማካሪው የቱንም ያህል ቢደክም አሁንም ማሸጊያው ማሽን ጋ ናት። ያን ጊዜ የሚመረመረው ፕሮግራሙ ነው፦ ከማን ጋር ባዶ ክፍለ ጊዜ አላት፣ የማንን ክፍል ገብታ አየች፣ ከማን ጋር ደብተር አረመች።